አንድ ቁመት፣ ሁለት ሰዓት

ሁለት ወንዶች ልጆች በአንድ ጠዋት፣ በአንድ የሕፃናት ሐኪም ክፍል፣ በአንድ መለኪያ ተለኩ። ሁለቱም 13 ዓመት ከስድስት ወራቸው ነው። ነርሷ ጫማና ካልሲ አስወልቃ፣ ተረከዛቸውንና ጀርባቸውን ከሰሌዳው አስጠግታ፣ ዐይናቸው ፊት ለፊት እንዲያይ አገጫቸውን አስተካክላ ተንሸራታቹን እንጨት አናታቸው ላይ አሳረፈች። የመጀመሪያው 142 ሴንቲሜትር ሆነ። ሁለተኛውም 142። እያንዳንዳቸውን ሦስት ጊዜ ለካቻቸው፤ ልዩነቱ ከጥቂት ሚሊሜትር አላለፈም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው የእድገት ቻርት መሠረት በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ አማካይ ቁመት 160 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከመቶ ልጆች ሦስቱን ብቻ ከበታቹ የሚያስቀረው መስመር ደግሞ 145 አካባቢ ላይ ያልፋል። ሁለቱም ልጆች ከዚያ መስመር በታች ናቸው። ሁለቱም በደንብ ይበላሉ፣ ይሮጣሉ፣ ትምህርታቸው ጥሩ ነው፣ ታመው አያውቁም። ግን አንደኛው ሃያ ዓመት ሲሞላው 173 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሌላው 158 አካባቢ ላይ ይቆማል። (ልጆቹ በየክሊኒኩ ከሚታየው አውጣጥቼ የሣልኳቸው ናቸው፤ አንድ የተወሰነ ልጅ አይደሉም። ቁጥሮቹ ግን ሐኪሞች በየቀኑ የሚሠሩባቸው ዓይነት ናቸው።)

የመጀመሪያው ልጅ ያለበት ሁኔታ በተፈጥሮ የዘገየ እድገት ይባላል። ሰውነቱ የሚያድገው እንደማንኛውም ልጅ ነው፤ የሚጓዝበት ሰዓት ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። የሁለተኛው የቤተሰብ አጭርነት ነው። ሰዓቱ ልክ ነው፤ የሚደርስበት ቦታ ግን ከወላጆቹ እንደወረሰው ዝቅ ያለ ነው። አጭር ከሆኑ ጤናማ ልጆች መካከል አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ፣ ወይም በሁለቱም ውስጥ ይወድቃሉ። ሐኪሙ መለየት ያለበት ለመሰየም ያህል አይደለም። ለአንደኛው ቤተሰብ “ጠብቁ፣ ይደርሳል” ማለት እውነት ነው፤ ለሌላው ግን ያው ቃል ባዶ ተስፋ ነው።

የሚገርመው የሕፃንነት ታሪካቸው እምብዛም አይለያቸውም። ሁለቱም ሲወለዱ እንደ ማንኛውም ሕፃን ነበሩ። ሁለቱም ከስድስት ወር እስከ ሁለትና ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ከነበሩበት መስመር ቀስ እያሉ ወርደዋል። የሚወለድ ሕፃን ርዝመት ይበልጡን የሚወሰነው በእናቱ ማሕፀን ሁኔታ እንጂ በራሱ ውርስ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ነው እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መስመር የሚፈልገው። መስመሩን ካገኘ በኋላ ሁለቱም በዓመት አምስት ሴንቲሜትር ያህል እየጨመሩ ከታችኛው መስመር ሥር ትይዩ ሆነው ተጓዙ። የስድስት ዓመት ልጅ የክትባትና የእድገት ካርድ ብቻ ይዛችሁ ብትመጡ፣ ጎበዝ የሚባለውም ሐኪም የትኛው የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት አይነግራችሁም።

ስለዚህ ዶክተሯ ከልጆቹ በፊት ወላጆቹን ጠየቀች። ከመጀመሪያው ልጅ ጋር አባትየው ነበር የመጣው።

“እርስዎ በእሱ ዕድሜ እንዴት ነበሩ?”

“ኧረ ዶክተር፣ እኔማ ከሱም የባስኩ ነበርኩ። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ፊት ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡኝ። አስተማሪው ሁሉ ‘ሕፃኑ’ ነበር የሚለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ሱሪዬ በየወሩ ማጠር የጀመረው።”

“ጢም መላጨት የጀመሩትስ?”

አባትየው ሳቀ። “ሃያ ዓመት አልፎኝ።”

“የእናቱ የወር አበባ መቼ እንደጀመረ ያውቃሉ?”

ይህን አላወቀም። ስልክ ደወለ፤ ወደ ጎን ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ። መልሱ በ16 ዓመቷ የሚል ነበር። በተፈጥሮ የዘገየ እድገት በቤተሰብ ውስጥ የሚወርድ ስለሆነ፣ ከእነዚህ ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት እንዲህ ዘግይቶ የጎረመሰ አባት፣ እናት ወይም አጎት አላቸው። አባቶች ጉርምስናቸው መቼ እንደጀመረ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ አያስታውሱም። “ከጓደኞችህ ጋር ስትተያይ መቼ ደረስክባቸው?” ሲባሉ ግን ሁሉም መልስ አላቸው።

ቀጥሎ ወላጆቹ ይለካሉ። ይለካሉ ነው የምለው፣ ይጠየቃሉ አይደለም፤ አባቶች ስለ ቁመታቸው ሲጠየቁ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር የመጨመር ልማድ አላቸው፣ የሚስታቸውን ደግሞ በግምት ነው የሚናገሩት። ስሌቱ ቀላል ነው። የአባትና የእናት ቁመት ይደመራል፤ ለወንድ ልጅ 13 ይጨመራል፣ ለሴት ልጅ 13 ይቀነሳል፤ ድምሩ ለሁለት ይካፈላል። 13ቷ በአዋቂ ወንድና ሴት አማካይ ቁመት መካከል ያለው ልዩነት ናት። የመጀመሪያው ልጅ አባት 176፣ እናቱ 162 ናቸው፤ ስለዚህ የልጁ ግብ 175.5 ሴንቲሜትር ነው። የሁለተኛው አባት 161፣ እናቱ 149፤ ግቡ 161.5 ይሆናል። ከግቡ ወደ ላይም ወደ ታችም ስምንት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ልዩነት የተለመደ ነው። የአንድ አባትና እናት ልጆች በቁመት ምን ያህል እንደሚራራቁ የትኛውም ቤት ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ዶክተሯ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጁ አሁን ያለበት መስመር ወደ ወላጆቹ ግብ ያመራል ወይስ አያመራም? የሁለተኛው ልጅ ያመራል። ቻርቱ ላይ የሱን መስመር እስከ 19 ዓመት ብንከተለው ከ160 ትንሽ በታች ያደርሰናል፤ ከዚህ ቤት የሚጠበቀውም ያው ነው። የመጀመሪያው ልጅ ግን ከቤተሰቡ እጅግ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። 175 ላይ መድረስ ያለበት ልጅ 160 ወደሚያደርስ መንገድ ላይ ምን ያደርጋል? ወይ ዘግይቷል፣ ወይ ታሟል። መጀመሪያ መዘግየቱን ለማየት እጁን ራጅ ማንሣት ያስፈልጋል።

የሚነሣው ግራ እጅ ነው፣ ከጣት ጫፍ እስከ አንጓ። በልጅ አጥንት ጫፍና ግንድ መካከል ገና ያልጠነከረ ልም አጥንት አለ፤ ቁመት የሚጨምረው እዚያ ነው። ልም አጥንት በራጅ ላይ ስለማይታይ ክፍተት ይመስላል። ልጁ ሲያድግ የአንጓ አጥንቶች ተራ በተራ ይወጣሉ፣ የጣት አጥንቶች ጫፍ እየሰፋ ግንዱን እንደ ቆብ ይሸፍናል፣ በመጨረሻም ክፍተቱ ይዘጋል። ሐኪሙ ፊልሙን ከመመዘኛ ምስሎች ጋር እያስተያየ “ይህ እጅ የስንት ዓመት ልጅ እጅ ይመስላል?” ብሎ ይፈርዳል። በብዛት የሚሠራበት የግሮይሊክና የፓይል አትላስ ነው፤ ሁለተኛው እትሙ የ1959 ነው። ምስሎቹ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተነሡ፣ ኑሯቸው የተደላደለ ነጭ ልጆች እጆች ናቸው። የአዲስ አበባ ልጅ እጅ ዛሬም የሚዳኘው በነዚያ ልጆች ነው። ይህን ያወቀ ሐኪም የአትላሱን ቁጥር እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ አይወስደውም፤ ሁለት ሰዎች አንድን ፊልም ሲያነቡም የስድስት ወር ልዩነት ማምጣታቸው ያለ ነው።

ዶክተሯ ሁለቱን ፊልሞች ከመብራቱ ፊት ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው። በሁለተኛው ልጅ አውራ ጣት ሥር ምስር የምታህል አንዲት ትንሽ አጥንት ወጥታለች፤ ይህች አጥንት ጉርምስና ሲቃረብ ነው የምትታየው። የጣቶቹ አጥንት ጫፎች ግንዳቸውን ሸፍነዋል። የአጥንቱ ዕድሜ 13 ዓመት ተኩል፣ ከራሱ ዕድሜ ጋር እኩል። በመጀመሪያው ልጅ እጅ ላይ ያቺ አጥንት የለችም። ክፍተቶቹ ሰፊ ናቸው። የአጥንቱ ዕድሜ 11 ዓመት ሆኖ ተነበበ፤ ከዕድሜው ሁለት ዓመት ተኩል ወደ ኋላ።

በዚህ ዕድሜ እስከ ሁለት ዓመት የሚደርስ ልዩነት በጤናማ ልጆችም ይታያል፤ ከሁለት ዓመት ሲያልፍ ነው ዘገየ የሚባለው። እዚህ ላይ ቻርቱ በሌላ ዓይን ይነበባል። 142 ሴንቲሜትር ለ13 ዓመት ተኩል ልጅ አጭር ነው፤ ለ11 ዓመት ልጅ ግን የተለመደ ቁመት ነው። ቤይሊና ፒኖ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1952 ያሳተሙት ሠንጠረዥ አንድ ልጅ በዚህ የአጥንት ዕድሜ ከመጨረሻ ቁመቱ ስንት በመቶውን እንደጨረሰ ይናገራል። የመጀመሪያው ልጅ 82 በመቶ ያህሉን ጨርሷል፤ 142ን ለ0.82 ስናካፍለው 173 ይመጣል። ሁለተኛው 90 በመቶ ያህሉን ጨርሷል፤ ውጤቱ 158 ነው። አንዱ ገና 31 ሴንቲሜትር ይቀረዋል፣ ሌላው 16። ሠንጠረዡ አጥንታቸው በጣም ለዘገየ ልጆች ትንሽ የሚያጋንንበት ጊዜ ስላለ፣ ጠንቃቃ ሐኪም 173ን ለልጁ እንደ ቃል ኪዳን አይነግረውም።

ሦስተኛው ምስክር የልጁ አካል ራሱ ነው። ዶክተሯ አባትየው ባለበት፣ መጋረጃ ዘግታ፣ ልጁን አስፈቅዳ የዘር ፍሬውን መጠን መረመረች። ለዚህ የሚያገለግለው በክር የተሰኩ፣ ከአንድ እስከ 25 ሚሊ ሊትር መጠናቸው የተጻፈባቸው ሞላላ ዶቃዎች ናቸው፤ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም አንድሪያ ፕራደር የሠራው መለኪያ ነው። አራት ሚሊ ሊትር የጉርምስና መግቢያ በር ነው። ከዚያ በታች ሰውነቱ ገና ልጅ ነው፤ ጸጉርና ድምፅ የሚከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ሦስት ነበር። ሁለተኛው አሥር፤ ድምፁም መሰበር ጀምሯል። ወንድ ልጅ 14 ዓመት ሞልቶት አራት ካልደረሰ፣ ሴት ልጅ በ13 ዓመቷ ጡት ማውጣት ካልጀመረች ጉርምስና ዘገየ ይባላል። የመጀመሪያው ልጅ ገና ስድስት ወር አለው፣ ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው።

እስካሁን ያየነው ንጹሕ ታሪክ ነው። ሥራው የሚከብደው መረጃው ራሱ ሲያጠራጥር ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ያጠራጥራል።

የልደት ቀንን እንውሰድ። የአጥንት ዕድሜ ትርጉም የሚኖረው ከትክክለኛ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ነው። ልጁ በኅዳር 2003 ተወልዶ ከሆነ በአውሮፓ አቆጣጠር ኅዳር 2010 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ስለሆነ። ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ እንደ ልማዱ ስምንት ደምሮ 2011 ብሎ ከጻፈ፣ የ13 ዓመት ተኩሉ ልጅ በወረቀት ላይ 12 ዓመት ተኩል ይሆናል። በዚያ ዕድሜ 142 ሴንቲሜትር ከታችኛው መስመር በላይ ነው። የአጥንቱ መዘግየትም ከሁለት ዓመት ተኩል ወደ አንድ ዓመት ተኩል ይወርዳል። አንዲት የመደመር ስሕተት ልጁን ከቻርቱም ከምርመራውም አወጣችው። በስደት የሄዱ ቤተሰቦች ልጆች ላይ ደግሞ የልደት ቀን ማስረጃ ሲጠፋ በአውሮፓ አቆጣጠር ጥር 1 ተብሎ የተሞላ ወረቀት በብዛት ይገጥማል። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ስቶክሆልም ላለ ሐኪም፣ ጥር 1 የተወለደ ሐበሻ ልጅ ሲመጣ “በእርግጥ መቼ ነው የተወለደው?” ብሎ እናትየዋን መጠየቅ ከማንኛውም የደም ምርመራ ይቀድማል። እናት ደግሞ ዓመቱ ቢጠፋባት እንኳ የጥምቀት ሰሞን ይሁን የፍልሰታ ጾም አትረሳም።

ሁለተኛው ችግር ይበልጥ ስውር ነው። የወላጆች ቁመት የልጁን ውርስ ያሳያል ብለን ነው ስሌቱን የሠራነው። ግን 149 ሴንቲሜትር የሆነች እናት በርግጥ 149 እንድትሆን ተወልዳ ነው? በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ከዕድሜያቸው ያጠሩ ነበሩ፤ የዛሬ እናቶችና አባቶች ሕፃናት በነበሩበት ጊዜ ቁጥሩ ከዚህም የከፋ ነበር። በልጅነቷ በረሃብ ዓመታት ያለፈች እናት በረሃብ የመጣባትን አጭርነት ለልጇ አታወርሰውም። እንዲህ ያለ ቤት የተወለደና በደንብ የሚበላ ልጅ ከወላጆቹ መብለጥ አለበት። ስለዚህ “አባቱም አጭር ነው፣ እናቱም አጭር ናት፣ ምን ይጠበቃል” ማለት እኛ ዘንድ የተቻኮለ ፍርድ ነው፤ የቤተሰብ አጭርነት ተብሎ የታለፈው ልጅ የምግብ እጥረት ወይም የአንጀት በሽታ ኖሮበት ሊሆን ይችላል። አስተዋይ ሐኪም የእናትና የአባትን ወንድሞችና እኅቶች፣ በተለይ በኋላ በተሻለ ኑሮ ያደጉትን ታናናሾች ቁመት የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ አንደኛው ወላጅ እጅግ አጭር ከሆነ፣ ወይም እጅና እግሩ ከግንዱ ጋር የማይመጣጠን ከሆነ፣ በቤተሰቡ የሚወርድ የአጥንት እድገት ችግር ሊኖር ይችላል። ዶክተሯ የሁለተኛውን ልጅ ክንዶች ዘርግታ የለካችውና ተቀምጦ ቁመቱን የወሰደችው ያንን ለማግለል ነበር።

ሦስተኛው ስሕተት የአጥንት መዘግየትን እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ መደምደሚያ መውሰድ ነው። አጥንት በእድገት ሆርሞን እጥረትም ይዘገያል። በእንቅርት ዕጢ ድካም፣ በምግብ እጥረት፣ በኩላሊት ሕመም፣ የስንዴ ምግብ አንጀትን በሚጎዳበት ሴሊያክ በሚባለው በሽታም ይዘገያል። የራጅ ፊልሙ እነዚህን ከጤናማው ዘግይቶ አዳጊ አይለያቸውም። የሚለያቸው ፍጥነት ነው። ከጉርምስና በፊት ያለ ጤናማ ልጅ በዓመት ከአራት እስከ ስድስት ሴንቲሜትር ያድጋል፤ ዘግይቶ የሚያድገውም ያው ነው። ሆርሞን የጎደለው ልጅ ግን ከመስመር መስመር እየወረደ ይሄዳል። ሊዮኔል ሜሲ በልጅነቱ የታከመው የእድገት ሆርሞን እጥረት ስለነበረበት እንደሆነ ስለሚታወቅ፣ አባቶች ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ “እንደ ሜሲ መርፌ” ይላሉ፤ የሜሲ ጉዳይ ግን ከሁለቱም ልጆቻችን የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው።

ፍጥነትን ለማወቅ ሁለት ልኬቶች ያስፈልጋሉ፤ በመካከላቸው ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል ዓመት። ሰው ጠዋት ከማታው አንድ ሴንቲሜትር ያህል ሊረዝም ስለሚችል በሦስት ወር ልዩነት፣ አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት የተወሰዱ ልኬቶች ምንም አይናገሩም። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ዘግይቶ የሚያድግ ልጅ ልክ ጉርምስናው ሊጀምር ሲል ፍጥነቱ ከአራት በታች የሚወርድበት ጊዜ ይኖራል። እኩዮቹ በዚያው ጊዜ በዓመት ስምንትና ዘጠኝ ሴንቲሜትር እየተመነደጉ ስለሆነ፣ በቻርቱ ላይ ልጁ የወደቀ ይመስላል። ቤተሰብ የሚደናገጠው፣ ሐኪምም ላያስፈልግ የሚችል የሆርሞን ምርመራ የሚያዘው ብዙውን ጊዜ በዚህ ወቅት ነው። የመጀመሪያው ልጅ ባለፈው ዓመት ያደገው አራት ሴንቲሜትር ተኩል ነበር። ዶክተሯ የደም፣ የኩላሊት፣ የእንቅርት ዕጢና የሴሊያክ ምርመራ ብቻ አዘዘችለት፤ ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። ልጁ ሴት ብትሆን ኖሮ የክሮሞሶም ምርመራም ይታከል ነበር፤ ከሁለት ሺህ እስከ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ከሚወለዱ ሴቶች አንዷ የምትኖርበት ተርነር የሚባለው ሁኔታ፣ አጭርነትን ብቻ ይዞ ለዓመታት ሊደበቅ ይችላልና።

ሁለቱ ተደርበው የሚገኙበት ልጅም ብዙ ነው፤ ከአጭር ቤት ተወልዶ ደግሞ የሚዘገይ። ሐኪም ቤት ደጋግመው የሚመጡት እነዚህ ናቸው፤ ከእኩዮቻቸው ሁሉ የሚያንሱት እነሱ ስለሆኑ። ለእነሱ የአጥንት ዕድሜ መዘግየት የሚመልስላቸው የጎደላቸውን ከፊሉን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ተቀጠረ። 14 ዓመት አልፎት ጉርምስናው ካልጀመረና ትምህርት ቤት ውስጥ የሚደርስበት ፌዝ ከከበደው፣ አነስተኛ መጠን ያለው የቴስቶስቴሮን መርፌ ሊሰጠው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ 50 ሚሊ ግራም በወር አንድ ጊዜ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር። መርፌው የመጨረሻ ቁመቱን አይጨምርለትም፣ በዚህ መጠን አይቀንስበትምም፤ ሰዓቱን ይቀሰቅሳል። መጠኑ ከበዛ ግን ሆርሞኑ በሰውነት ውስጥ ወደ ኤስትሮጅን እየተቀየረ ክፍተቶቹን ያለጊዜያቸው ይዘጋል፤ ስፖርት ቤት ውስጥ በጓደኛ ምክር የሚወሰደው መርፌ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሕክምናው አልቆ ከወራት በኋላ የዘር ፍሬው በራሱ ካላደገ ደግሞ ዘግይቶ አዳጊ ነው የተባለው ፍርድ ራሱ እንደገና ይታያል። ጉርምስናን የሚያስጀምረው የአንጎል ትእዛዝ ጨርሶ የሌላቸው ልጆች አሉ፤ በ14 ዓመታቸው ከዘግይቶ አዳጊው አይለዩም። ዶክተሯ ልጁን “የቡና ሽታ ይሸትሃል?” ብላ የጠየቀችው በዚህ ምክንያት ነበር፤ የነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ ሽታ አይለዩም። ይሸተዋል።

የሁለተኛው ልጅ እናት ወረቀቱን አይታ ዝም አለች፤ ከዚያ “ታዲያ ለሱ ምንም የለውም?” አለች።

ዶክተሯ አላለባበሰችባትም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2003 የእድገት ሆርሞን በጣም አጭር ለሆኑ፣ ሆርሞን ግን ላልጎደላቸው ልጆች እንዲሰጥ ፈቅዷል። ለዓመታት በየቀኑ ተወግተው በአማካይ የሚያገኙት ከአራት እስከ ሰባት ሴንቲሜትር ነው፤ አንዳንዱ ከዚያ በላይ፣ አንዳንዱ ምንም። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ የሚጠቅመውም ቀደም ብሎ ሲጀመር ነው። የሱ አጥንት ደግሞ ከጉዞው 90 በመቶውን ጨርሷል። “እኔ ብሆን አልጀምርለትም” አለቻት። “ልጁ ጤነኛ ነው። እርስዎና አባቱ የደረሳችሁበት ይደርሳል፤ ምናልባትም ትንሽ ያልፋችኋል።”

ልጁ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። “ስንት?” አለ።

“158፣ 160። ከዚያ ብዙም አይርቅም።”

“አባዬ 161 ነው” አለ ልጁ፤ ጃኬቱን አንሥቶ ከእናቱ ቀድሞ ወጣ።